በዋልካ ላይ ቤት ለምትሠሩ የብቸና ሰዎች፦ የመሠረት ሠራተኛ ጥቆማ

የእናቴን ቤት መሠረት ያወጣልንን ፎርማን ከልብ አመሰግናለሁ። ብቸናና አካባቢው በዋልካ መሬት ላይ ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ሳታናግሩት አትጀምሩ።

አሮጌው ቤት ብሎኬት ነበር፣ መሠረቱ ድንጋይ። ክረምት ሲገባ በሩ አልዘጋ ይላል፤ በበጋ ከመስኮቱ ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል። በየዓመቱ ይለሰናል፣ በየዓመቱ ይከፈታል። ሌሎች "ድንጋይ ጨምሩበት" ሲሉን እሱ ግን አፈሩን ነው የመረመረው። አድርቆ፣ አድቅቆ፣ ነፍቶ አሥር አሥር ሚሊ ሊትር ለካና አንዱን ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ነጭ ጋዝ ውስጥ ጨመረው። በማግስቱ ነጭ ጋዙ ውስጥ ያለው እዚያው 10 ላይ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ያለው ግን 20 ደርሷል። ነጭ ጋዝ ዋልካን አያሳብጥም፣ ልዩነቱ የእብጠቱ ልክ ነው። "ፎቅ ቢሆን ክብደቱ ይጫነው ነበር፤ የእማማ ቤት ግን ቀላል ስለሆነ ያነሳዋል" አለን።

በበጋ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈረ። የአፈሩ ስንጥቅ ወደ 2 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች አፈሩ እርጥብና ድፍን ነው። ስለዚህ ፓይሎቹን፣ ማለትም ቤቱን ከሥር የሚሸከሙትን የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ 3 ሜትር ተኩል አወረዳቸው። ወገባቸው 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግርጌያቸው እንደ ሽንኩርት ወደ 75 ይሰፋል። ይህ ስፋት ሁለት ሥራ አለው፤ ቤቱን ይሸከማል፣ በክረምት ደግሞ ያበጠው አፈር የፓይሉን ጎን ይዞ ወደ ላይ ሲስበው እንዳይነቀል ያስቀረዋል። ፌሮውን ከላይ እስከ ታች ያስገባውም ለዚሁ መሳብ ነው። ኮንክሪት ከመሙላቱ በፊት ጫፉ የታጠፈ ብረት እያወረደና እያዞረ የእያንዳንዱን ስፋት ለካ፤ ያልሞላውን መልሶ አስቆፈረ።

በጣም የወደድኩለት ግን ቢሙን የሠራበትን መንገድ ነው። ፓይሎቹን የሚያያይዘው ቢም መሬት አይነካም፣ ከሥሩ 8 ሳንቲ ሜትር ክፍት ነው። አፈሩ ሲያብጥ ወደዚያ ይገባል እንጂ ግድግዳውን አይገፋም። የቢሙን ፎርም ወርክ ከሥር ሳያወጡ ወይም ክፍተቱን አፈር ሞልተው ቢተዉት ይህ ሁሉ ወጪ ከንቱ ነበር። እሱ ራሱ ተንበርክኮ በባትሪ እያየ ሲያስጠርግ ነበር።

ወለሉ በአፈሩ ላይ ስለሚያርፍ ትንሽ ሊነሳ እንደሚችል አልደበቀንም፤ ለዚህ ሲል ከግድግዳው ለይቶ ሠራው። ድንጋይ በበዛበት ወይም ከሥር ውሃ በሚወጣበት ቦታ ግን ግርጌውን በቀላሉ ማስፋት ስለማይቻል ሥራውን አይቀበልም።

ቤቱ አንድ ክረምት አልፎበታል። በሮቹ ይዘጋሉ፣ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ የለም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቁፋሮው በበጋ ስለሚያልቅ ዝናብ ሳይገባ ቀድማችሁ ያዙት።