«ሎዲንግ ፓኬጅ» ተብሎ የሚሸጠውን ሦስት ጣሳ ክሬቲን አትግዙ

ጂም የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

የምሠራበት ጂም አጠገብ ሳፕሊመንት የሚሸጥ ሱቅ አለ። ክሬቲን ልጀምር ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ሎዲንግ ፓኬጅ» የሚለውን አወጣልኝ። ባለ 300 ግራም ሦስት ጣሳ ነው። ሎዲንግ የሚሉት መጀመሪያ ላይ ብዙ ግራም እየወሰዱ ጡንቻን ቶሎ በክሬቲን መሙላትን ነው። «በቀን 20 ግራም ለ45 ቀን ትወስዳለህ። ሎዲንግ ካላደረግክ ጡንቻህ ውስጥ አይገባም» አለኝ። አመንኩት፤ ገዛሁ።

ጠዋት ጠዋት 20 ግራሙን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጬ እጠጣ ነበር። ግማሹ አይሟሟም፣ ብርጭቆው ሥር እንደ አሸዋ ይቀራል። እሱንም ውሃ ጨምሬ እጨልጠዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ሆዴ ተበጠበጠ፣ ተቅማጥ ያዘኝ። በሳምንቱ ሚዛን ላይ ስወጣ ከ68 ኪሎ 69 ተኩል ገብቻለሁ። ሻጩ «አየህ፣ ጡንቻ ነው!» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ኪሎዬ ቆመ። ስነግረው «ዶዙን ጨምር፣ አንድ ጣሳ ድገም» አለኝ።

የአክስቴ ልጅ ፋርማሲስት ናት። ጣሳዎቹን አይታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለመሆኑ ጡንቻህ ውስጥ ስንት ግራም ቦታ ቀርቶ ነው?» ብላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 70 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ሰው ክሬቲን ባይወስድም ሰውነቱ ውስጥ 120 ግራም ያህል አለው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለው ጡንቻ ውስጥ ነው። ጉበትና ኩላሊት ራሳቸው ይሠሩታል፣ ከሥጋና ከዓሣም ይገኛል። ክሬቲን ስንወስድ ይህ ክምችት በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የቀረው ቦታ 25 ግራም ቢሆን ነው። ለዚያች ቦታ ነው 900 ግራም የተሸጠልኝ።

ለምን ከዚያ አያልፍም? ክሬቲን ወደ ጡንቻ ሴል የሚገባው በራሱ ሰርጎ ሳይሆን በአጓጓዥ ፕሮቲን በኩል ነው። ውስጡ ያለው ክምችት እየበዛ ሲሄድ ሴሉ ማስገባቱን ይቀንሳል። ያልገባው በደም ዞሮ ኩላሊት ይደርስና በሽንት ይወጣል። ለዚህ ነው ሎዲንግ ላይ አብዛኛው የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት የሚሄደው እየበዛ ይመጣል።

ጊዜውን በተመለከተ በፈረንጆቹ 1996 ኤሪክ ሁልትማንና ባልደረቦቹ ሰዎች ላይ ሞክረው አሳይተዋል። በቀን 20 ግራም የወሰዱት በ6 ቀን ጡንቻቸው ሞላ። በቀን 3 ግራም ብቻ የወሰዱትም በ28 ቀን እዚያው ደረጃ ላይ ደረሱ። የሞላው ደግሞ በቀን 2 ግራም ሳይወርድ ቆየ። ሎዲንግ የሚያስገኘው ሦስት ሳምንት መቅደም ብቻ ነው። ካልተደረገ አይገባም የሚባለው ውሸት ነው።

የእኔን ሂሳብ እንሥራው። 6 ቀን በ20 ግራም 120 ግራም ነው። የቀሩትን 39 ቀናት በቀን 3 ግራም ብወስድ 117 ግራም ይበቃኝ ነበር። ድምሩ 237 ግራም ነው፤ አንድ ጣሳ እንኳን አያልቅም። የተቀሩት 663 ግራም፣ ማለትም ከሁለት ጣሳ በላይ፣ በሽንት የሚወጣ ገንዘብ ነው። ሎዲንጉን ትቼ ከመጀመሪያው በቀን 3 ግራም ብወስድማ አንዷ ጣሳ 100 ቀን ታስኬደኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎም ጡንቻ አልነበረም። ክሬቲን ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይስባል፤ አንድም ሁለትም ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ቦታው ሲሞላ ጭማሪውም ይቆማል። ኪሎዬ የቆመው ዶዝ አንሶኝ ሳይሆን ስለሞላሁ ነው።

ለመቸኮል ምክንያት ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ውድድር የደረሰበት፣ 20ውን አራት ቦታ ከፍሎ በየጊዜው 5 ግራም ከምግብ ጋር ይውሰድ። ከ5 እስከ 7 ቀን በቂ ነው። እንደኔ በአንዴ መጠጣት ሆድ ያበላሻል።

ጿሚዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥጋና ዓሣ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻቸው ውስጥ ያለው ክሬቲን አነስ ያለ ነው። ስለዚህ የሚሞላው ቦታ ሰፋ ይላል፣ ለውጡም ሊታወቃቸው ይችላል። ቢሆንም ሦስት ጣሳ አያስፈልግም።

ሻጩ «ሁለት ሳምንት አርፈህ እንደገና ሎዲንግ ጀምር» ካላችሁም አትቀበሉት። የሞላ ጡንቻ ወደ ነበረበት ለመመለስ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በሁለት ሳምንት ባዶ አይሆንም።

ኩላሊታችሁን የምትታከሙ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። የደም ምርመራ ስታደርጉም ክሬቲን እንደምትወስዱ ተናገሩ፣ የኩላሊትን ጤና ለማየት የሚለካውን ክሬቲኒን የሚባለውን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሱቅ ስትገቡ ጣሳው ላይ ያለውን ግራም በቀን በምትወስዱት 3 ወይም 5 ግራም አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ስንት ቀን እንደሚያቆያችሁ ነው። እኔ ያልከፈትኩትን አንድ ጣሳ ልመልስ ብሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ፓኬጁ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለ።