ደሴና ኮምቦልቻ ቤት የምትሠሩ፣ ለመስታወት በፍሬም ልክ አትክፈሉ

የብረት መስኮት አሠርታችሁ መስታወቱን ለብቻ ልታስገጥሙ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እዚህ አካባቢ እያየሁት ያለ አንድ መጥፎ አሠራር አለ። ገጣሚው ሜትሩን አውጥቶ ፍሬሙን ከውጭ እስከ ውጭ ይለካል። በዚያ ልክ ካሬውን አስልቶ የመስታወት ዋጋ ይቀበላል። መስታወቱን ሲቆርጥ ደግሞ ከሚቀመጥበት ቦታ ጋር እኩል አድርጎ፣ ምንም ክፍተት ሳይተው ይቆርጣል። ስለዚህ ቤታችሁ ላልገባ መስታወት ትከፍላላችሁ፤ የገባውም ተጨናንቆ ስለገባ ይሰነጠቃል።

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በግንባታ ሥራ ላይ ስላለሁ መስታወቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ጠራችኝ። ለሰውየው አቤት ስትል «አብሽሪ እትዬ፣ ልጆች መትተውት ነው» ብሎ ሸኝቷታል። ልጆች አልመቱትም። እንዴት እንዳወቅሁ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። መስኮቱ ከነመስታወቱ ተሠርቶ በአንድ ዋጋ ሲሸጥ በውጭ ልክ መቁጠር የተለመደ ነው፣ በዚያ አልጣላም። ብረቱም ዋጋ አለው። መስታወቱ ለብቻው ሲሸጥ ግን ብረቱ የያዘውን ቦታ እንደ መስታወት ማስከፈል ሌላ ነገር ነው።

የአክስቴን አንድ መስኮት እንውሰድ። ባለ ሁለት ክንፍ ነው፤ ፍሬሙ ከውጭ 1200 በ1500 ሚሊ ነው። የፍሬሙ ብረት በየጎኑ 25 ሚሊ ይወስዳል። ስለዚህ ውስጡ 1150 በ1450 ይሆናል። ክንፎቹ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ በግራ፣ በቀኝና በመሃል 2 ሚሊ፣ ከላይና ከታችም 2 ሚሊ ተትቷል። ሲካፈል እያንዳንዱ ክንፍ 572 በ1446 ሚሊ ነው።

አሁን ወደ ክንፉ ብረት እንምጣ። ስፋቱ 38 ሚሊ ነው። ከዚህ ውስጥ 13ቱ ሚሊ መስታወቱ ተደግፎ የሚያርፍበት ከንፈር ነው፣ መቀመጫው ማለት ነው። ስለዚህ ከመቀመጫው ግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን ለማወቅ በየጎኑ 25 እንቀንሳለን። 522 በ1396 ይመጣል። መስታወቱ ግን በዚህ ልክ አይቆረጥም። በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ከወርዱ 6፣ ከቁመቱም 6 ይቀነሳል። ትክክለኛው ልክ 516 በ1390 ነው።

ሁለቱ መስታወቶች አንድ ላይ 1.43 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። አክስቴ የከፈለችው ለ1.8 ካሬ ነው። ከአምስት ብር አንዱ ለብረትና ለአየር ተከፈለ ማለት ነው። ቤቱ እንዲህ ያለ ስምንት መስኮት አለው፤ ሲደመር ወደ 2.9 ካሬ ተከፍሎበት ቤቱ ያልገባ መስታወት ነው። ቁራጭ ይባክናል የሚል ሻጭ ካለ ልክ ነው፣ ይባክናል። እሱን ለብቻው ቆጥሮ ቀድሞ ይንገራችሁ።

ገንዘቡ አናዶኛል፤ ይበልጥ ያናደደኝ ግን አቆራረጡ ነው። የተሰነጠቀውን አውጥቼ የቀረውን ስለካው 522 በ1396 ነው። ልክ መቀመጫውን ያክላል። እንዲህ ያለ መስታወት የሚገባው መቀመጫው ፍጹም ቀጥ ካለ ብቻ ነው። የተበየደ ብረት ደግሞ ፍጹም ቀጥ አይልም። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋል፣ ኮርነሩም ላይ የብየዳ ጠብታ ይቀራል። የዚያን ክንፍ ከኮርነር ኮርነር በሰያፍ ስለካው ሁለቱ በ2 ሚሊ ይለያያሉ። ትንሽ ይመስላል። በዚህ ቁመት ግን የክንፉ ራስ ከግርጌው ወደ 3 ሚሊ ገደማ ዘምሟል ማለት ነው። ከወርዱ የምንቀንሰው 6 ሚሊ ግማሹ በዚህ ብቻ ያልቃል። የሰያፉ ልዩነት 4 ሚሊ ከደረሰ 6ቱም ያልቃሉ ማለት ይቻላል፤ ያኔ በያጁ ክንፉን ያስተካክል እንጂ መስታወት አትዘዙ።

ታዲያ መስታወቱ አልገባ ሲል ሰውየው ምን አደረገ? ኮርነሩን በፒንሳ ነካክሶ አስገባው። ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት የመሰለ ንክሻ አለ። መስታወት የሚሰነጠቀው ከእንዲህ ያለ ቁስል ነው። ከዚያ በኋላ ክንፉ በነፋስ አንዴ ሲላተም ወይም ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት በቂው ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐዩን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ የተሰነጠቁት በምዕራብ በኩል ያሉት ናቸው። መሃሉ ይግላል፣ በብረቱ የተሸፈነው ጠርዝ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፤ ጠርዙ ይወጠራል። ጤነኛ ጠርዝ ይችለዋል፣ የተነከሰው አይችለውም።

አንዳንዱ ክፍተቱ ብረቱ በሙቀት እንዲለጠጥ ብቻ ይመስለዋል። አንድ ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ ለውጥ የሚረዝመው 0.36 ሚሊ ገደማ ነው፤ መስታወቱም 0.27 ያህል አብሮ ይረዝማል። ልዩነቱ ኢምንት ነው። አሉሚኒየም ከሆነ ወደ 0.7 ስለሚደርስ ይበልጥ ይታሰብበታል። በብረት መስኮት ላይ 3 ሚሊው በዋናነት የሚያስፈልገው ለብረቱ ጠማማነትና መስታወቱ ብረት እንዳይነካ ነው።

ስለ ልጆቹ ቃል ገብቼ ነበር። ድንጋይ ወይም ኳስ የመታው መስታወት ከተመታበት ነጥብ ወደ ዙሪያው እንደ ጨረር ይሰነጠቃል። የአክስቴ መስታወቶች ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ የለም። መስመሩ ሁሌም ከጠርዝ ይነሳል፣ በአብዛኛውም ከኮርነሩ አጠገብ። ስቱኮውን ፍቄ ሳየው መነሻው ያ የፒንሳ ንክሻ ነው። እናንተም ከገጠማችሁ ስቱኮው ሳይነካ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ፍቃችሁ መነሻውን በሻጩ ፊት አሳዩ። አክስቴ እንዲህ አድርጋ ሁለቱን በነፃ አስቀይራለች፤ ትርፍ የተከፈለውን ገና እየጠየቀች ነው።

«ትንሽ ላሳንሰው» የሚላችሁን አትቀበሉ። ከ4 ሚሊ መስታወት ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ቀጭን ሰንጥቆ ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ በአብዛኛው የሚያልቀው በፒንሳ ነው። አዲስ ይቆረጥ። በተቃራኒው አብዝቶ ማሳነስም አደጋ አለው። ወርዱ 522 በሆነ መቀመጫ 500 ቢገባ፣ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት በሌላው ጎን 22 ሚሊ ይከፈታል። ከንፈሩ 13 ብቻ ስለሆነ መስታወቱ ከድጋፉ ይወጣል።

ልኬቱ ላይ ራሳችሁ ቁሙ። ወርዱም ቁመቱም በሦስት ቦታ ይለካ፣ ትንሹ ይያዝ፣ ከእሱ 6 ሚሊ ይቀነስ። ደረሰኙ ላይ የመቀመጫው ልክና የመስታወቱ ልክ ለየብቻ ይጻፉ፣ ክፍያውም በመስታወቱ ልክ ይሁን። መስታወቱ ሲገባ ከግርጌው ሁለት 3 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ጠንካራ ጎማዎች ይቀመጡለት፤ ከየጫፉ የወርዱን ሩብ ያህል ገባ ብለው። ስቱኮ ከመለሰኑ በፊት ደግሞ ስስ ፕላስቲክ ቁራጭ ይዛችሁ በአራቱም ጎን አስገቡት። የማይገባበት ጎን ካለ ስቱኮ እንዳይነካው፣ ቀሪውንም ብር አትስጡ።