ፀጉሬን ስላያችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ (ባሕር ዳር ላላችሁ በተለይ)

ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ተቀብተሽ ነው ወይስ ፀሐዩ ነው?» እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። አዎ ተቀብቻለሁ። ተቀብታ እንደሆነ የማያስታውቅ ቀለም ነበር የፈለግሁት፣ እሱንም አገኘሁ። የቀባችኝ ልጅ እጇ ይባረክ!

ፀጉሬ ጥቁር ቡኒ ነው፣ ፊቴ ጠይም ሆኖ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ከዚህ በፊት የሄድኩበት ቤት (ስሙ ይቅር) አንድ የፈረንጅ ልጅ ፎቶ ከስልክ አሳይተውኝ «አመዳማው ፋሽን ነው፣ ዛሬውኑ ይወጣልሻል» አሉኝ። ብሊቹን ከሥሩ ጀምረው ለቀለቁት። ሲታጠብ ሥሩ ብርቱካን፣ ጫፉ የደበዘዘ አመድ። ፊቴ ደግሞ ወባ የያዘው ሰው ፊት። «ሲታጠብ ይስተካከላል» ብለው ሙሉ ሂሳብ ተቀበሉኝ። ብር መክፈሌ አይደለም ያናደደኝ፤ መስታወቱን ከፊቴ አዙረው መሸኘታቸው ነው። ከዚያ በኋላ የተቀባው ተቆርጦ እስኪያልቅ ሻሽ ለበስኩ።

ይቺኛዋን ሽምብጥ አካባቢ የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ናት የጠቆመችኝ። ገብቼ ገና ሳልቀመጥ የቀለም መምረጫውን ይዛ «ነይ እህቴ፣ በር ላይ እንውጣ» አለችኝ። የሳሎን ነጭ መብራት ሁሉንም ቀለም ያመዳል አለች። ፀሐዩ ላይ አቁማ አንድ አመዳማ ናሙናና አንድ ካራሜል ናሙና ተራ በተራ ጉንጬ ላይ ያዘችልኝ። በአመዳማው ከዓይኔ ሥር ያለው ጥላ ጠቆረ። በካራሜሉ ግን እንቅልፍ የጠገብኩ መሰልኩ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ወርቅ ይሁን ብር የሚያምርብኝም ጠየቀችኝ፤ ወርቅ አልኳት፣ ሳቀች።

ያኛው ቤት ለምን እንደተበላሸም ያስረዳችኝ እሷ ናት። ብሊች ያለውን ቀለም ያወጣል እንጂ አዲስ አይጨምርም። የጥቁር ቡኒ ፀጉር ቀለም ሲነሳ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ነው ቢጫ የሚሆነው። አመዳማ እንዲያምር ፀጉሩ እስከ ቢጫው መድረስ አለበት፤ መንገድ ላይ ከቆመ የሚወጣው የእኔው ዓይነት ነው። የሥሩ ቀለም ደግሞ ከራስ ቆዳ ሙቀት የተነሳ ቶሎ ስለሚነሳ ከጫፉ ይለያል። «ቀዩ መምጣቱ ካልቀረ ለምን እንታገለዋለን? አንቺ ላይ የሚያምረው እሱ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ብሊች አልነካኝም። ከራሴ ቀለም ሁለት ደረጃ ብቻ የሚከፍት፣ ወርቃማነት ያለው ቡኒ መረጠችልኝ። ከምን ጋር እንደምትበጠብጠው አትጠይቁኝ፣ ጠርሙሱ ላይ 20 የሚል ቁጥር አይቻለሁ፣ ያ ነው የማውቀው።

የተገረምኩት ግን በዚያ ቀን አለመቅባቷ ነው። ከጆሮዬ ኋላ ቆዳዬ ላይ ከቀለሙ ጠብታ ቀብታ «48 ሰዓት ጠብቂ፣ ካሳከከሽ ወይ ካበጠ እንዳትመጪ» ብላ ሸኘችኝ። ብር ስሰጣት «ገና ምን ሠራሁና?» አለች። በዚህ ዘመን!

ስመለስ መጀመሪያ ከማጅራቴ በላይ ተደብቆ የሚቀር አንድ ቀጭን ዘለላ ቀባች። ሂና ወይም ሌላ ቀለም ነክቶት እንደሆነም ደጋግማ ጠየቀችኝ። በቀለም የተያዘ ፀጉር በሌላ ቀለም አይከፈትምና። ዘለላው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እንደገና በር ላይ ወጥተን አየነው፤ ቤት ውስጥ ቡኒ፣ ፀሐይ ሲነካው ብቻ የማር መልክ ያለው። ከዚያ ነው ሥራ የጀመረችው። በጣም ቀጫጭን እያደረገች፣ ከፊቴ ዙሪያ በዛ አድርጋ፣ ወደ ኋላ እያሳሳች፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል እየተወች። ሥሩ ስላልተነካ ሲያድግ መስመር አይሠራም፤ ይኸው አድጎም ማንም አላወቀብኝም። እናቴ እንኳን «ፊትሽ ጠራ፣ ምን እየበላሽ ነው?» ነው ያለችኝ። የፀጉሩን አላየችውም።

ሐይቁ ዳር የምትውሉ ብቻ ስሙኝ፦ ፀሐዩ ቀለሙን ወደ ብርቱካን ይወስደዋል፣ ቀትር ላይ ሻሽ ወይ ኮፍያ አድርጉ ብላለች።

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ሂዱላት እህቶቼ፣ እውነቴን ነው ሂዱላት። ሰርጉ ነገ ነው ብላችሁ ግን እንዳትሄዱ፤ ጆሯችሁ ኋላ ጠብታ አድርጋ ትመልሳችኋለች።