ላዩ ክፍት የሆነ ገንዳ ወይ ባልዲ የምታሰሩ፣ ለሌለ ክዳን እንዳትከፍሉ

ሰላም ቤተሰብ፣ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ በካሬ ሂሳብ እቃ የምታሰሩ ካላችሁ ይሄን አንብቡት፣ እኔ ተበልቼ ነው የምጽፈው። ለምናደልባቸው ከብቶች ሁለት ክብ የውሃ ገንዳ አዘዝኩ፣ ላያቸው ክፍት፣ ዲያሜትራቸው 1 ሜትር ከ20፣ ቁመታቸው 50 ሳንቲም። ላሜራውም የእጅ ዋጋውም ተጠቃሎ በካሬ 2,000 ብር ተስማማን፣ ቀብድ ሰጠሁ፣ ልረከብ ስሄድ 8.3 ካሬ ነው ተብሎ 16,600 ብር መጣ። መኪናው ውጪ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለነበር ሂሳቡን ሳላየው ከፍዬ ጭኜ ሄድኩ።

ማታ ወረቀቱን ሳገላብጠው ከጀርባው በእስክሪብቶ የሰራበት አለ፣ 2πr(r + h) ይላል። ልጄ አየችውና "ይሄ እኮ የዝግ ሲሊንደር ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ይሄ ፎርሙላ ሁለት ክብ ነው የሚቆጥረው፣ አንድ ከታች አንድ ከላይ፣ እንደ ዝግ በርሜል ማለት ነው። የኔ ገንዳ ግን ከላይ ምንም የለውም፣ ስለዚህ ትክክለኛው πr² + 2πrh ነው፣ አንድ ታች እና ጎኑ ብቻ።

በቁጥር ላሳያችሁ። ጎኑን ቆርጣችሁ ብትዘረጉት አራት ማዕዘን ላሜራ ነው፣ ርዝመቱ የገንዳው ዙሪያ ማለትም 3.14 ሲባዛ 1.2፣ ወደ 3.77 ሜትር፣ በቁመቱ 0.5 ስታበዙት 1.89 ካሬ። ታቹ ደግሞ 3.14 ሲባዛ 0.6 ሲባዛ 0.6፣ 1.13 ካሬ። ድምር 3.02። እሱ ግን ያንን 1.13 ሁለቴ ደምሮ 4.15 አደረገው፣ በሁለት ገንዳ 8.3። በአንዱ ገንዳ 2,260 ብር፣ በሁለቱ 4,520 ብር ላልተሰራ ክዳን ከፈልኩ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ለኔ ትንሽ ብር አይደለም።

በጣም ያናደደኝ ነገር ደግሞ ገንዳው ዝቅ ብሎ ሰፊ በሆነ ቁጥር የሚበላው እየጨመረ መሄዱ ነው። የኔ ላይ ትርፉ ወደ 37 ከመቶ ነው። ዲያሜትሩ 40 ሳንቲም ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ቀጭን ረጅም ነገር ቢሆን 9 ከመቶ ብቻ ነበር የሚሆነው። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉም ቁመቱም 30 ሳንቲም የሆነ ባልዲ ላይ 20 ከመቶ ይሆናል። የራሳችሁን ለማወቅ ራዲየሱን ውሰዱ፣ ከዛ ለራዲየሱ እና ለቁመቱ እጥፍ ድምር አካፍሉት፣ የኔ 0.6 ለ 1.6 ነው። እና የከብት ገንዳ፣ የልብስ መዘፍዘፊያ ምናምን የምታሰሩ ሰዎች ናችሁ በደንብ መጠንቀቅ ያለባችሁ።

በማግስቱ ሄጄ ነገርኩት። "እህቴ፣ ሁሉም ሰው በዚህ ነው የሚከፍለው፣ ቁራጭም አለ እኮ" አለኝ። የቁራጩ ነገር እውነት አለው፣ አልክድም። ክብ የሚወጣው ከካሬ ላሜራ ነው፣ ማዕዘኖቹ ይቀራሉ፣ ለብየዳ መደራረቢያና ለአፉ ማጠፊያም ጥቂት ሳንቲም ይጨመራል። ስለዚህ ያንንም አሰላሁት፣ ታቹን 1.22 በ 1.22 ሙሉ ካሬ አድርጌ ወሰድኩለት፣ 1.49፣ ጎኑን ከነማጠፊያው 3.81 በ 0.53፣ 2.02፣ ድምር 3.51። ቁራጩን ሁሉ ከፍዬ እንኳን 4.15 አይደርስም፣ ቁራጩን ካስከፈለኝ ደግሞ ቁራጩ የኔ ነው፣ ወስጄ ሌላ ነገር አሰራበታለሁ። ቁጥሩን ሲያይ ዝም አለና 2,000 ብር መለሰልኝ፣ የቀረውን ግን እምቢ አለ፣ ምክንያቱም ስንስማማ "በካሬ" ብቻ ነው ያልነው፣ ካሬው እንዴት እንደሚቆጠር አልተነጋገርንም፣ ወረቀቱም ላይ "ገንዳ 2" ብቻ ነው የሚለው።

ስለዚህ ቀብድ ሳትሰጡ በፊት ወረቀቱ ላይ "ላዩ ክፍት፣ ክዳን የለውም፣ የሚቆጠረው አንድ ታችና ጎን" ብላችሁ አጽፉ፣ ጠቅላላ ካሬውንም እዛው ቁጥሩን አስቀምጡ። ስትረከቡ ፎርሙላ ባትወዱም ችግር የለም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ለኩ፣ በቁመቱ አባዙት ጎኑ ወጣ፣ ያንኑ ዙሪያ በዲያሜትሩ አባዝታችሁ ለ 4 ስታካፍሉት ታቹ ወጣ። የኔ 3.77 ሲባዛ 1.2 ሲካፈል ለ 4፣ ያው 1.13 ነው።

ቀለም ስታስቀቡም ይሄው ነው፣ ግን እዛ ጋ ውስጡም ውጪውም ከተቀባ 3.02 እጥፍ ሆኖ 6.04 ቢመጣ ትክክል ነው፣ አትጣሉ። 8.3 ካላችሁ ግን ያው ክዳን እንደገና ገብቷል።