መጥበቅና ጫና፦ አማርኛ ከዓረብኛ ጋር

ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው፤ በሁለቱም ተነባቢ ሲጠብቅ ትርጉም ይለወጣል። የሚለያዩት ጥብቀቱ በቃሉ ላይ ከሚያርፈው የድምፅ ጫና ጋር ባለው ዝምድና ነው።

በዓረብኛ ዝምድናው ጥብቅ ነው። «ሙደሪስ» (አስተማሪ) በሚለው ቃል «ር» ይጠብቃል። የጠበቀው ድምፅ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ የፊቱን ክፍለ ቃል ይዘጋል፣ ግማሹ ቀጣዩን ይከፍታል፦ ሙ-ደር-ሪስ። የተዘጋው «ደር» ከባድ ስለሆነ ጫናው እዚያ ያርፋል። «ሙሐመድ» ሲባል «ሐም» ጎልቶ የሚሰማውም ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ትርጉሙን የሚለየው ጫናው ነው ማለት አይደለም። «ሐማም» ሲላላ እርግብ፣ ሲጠብቅ መታጠቢያ ቤት ነው፤ ጫናው ግን በሁለቱም በመጨረሻው ረጅም ክፍለ ቃል ላይ ነው። ጫናን ብቻ የሚያዳምጥ ተማሪ ሁለቱን ሊለይ አይችልም።

በአማርኛ ጫናው ለስላሳ ነው፤ ክፍለ ቃላቱ በተቀራረበ ጉልበት ይነገራሉ፣ ጫና ብቻውንም ቃልን ከቃል አይለይም። ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው ጥብቀቱ ነው። «ልጁ ደወሉን ይሰማል» ስንል «ሰ» እና «ማ» ይላላሉ፦ ይ-ሰ-ማል። «ደወሉ ይሰማል» ስንል ሁለቱም ይጠብቃሉ፦ ይስ-ሰም-ማል። አድራጊ ግስ ተደራጊ ሆነ፤ ፊደሉ ግን አልተነካም።

ስለዚህ አማርኛ ለሚማር ዓረብ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ድምፅህን ከፍ አታድርግ፣ ተነባቢው ላይ ቆይ።