ፔጋሰስ ብዬ የገዛሁት ፌክ ጫማ፣ ከ7 ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ለመሮጥ ብዬ መርካቶ ጥቁር ናይኪ ፔጋሰስ 40 በ3,500 ብር ገዛሁ። ሻጩ "ኮፒ አይደለም፣ ከዱባይ በሻንጣ የገባ ነው" አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ይሄ ጫማ ሲወጣ አሜሪካ ዋጋው 130 ዶላር ነበር፣ ቅናሽ ላይ ተገዝቶ ነው ብንል እንኳን ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሲጨመርበት እንዴት 3,500 ይሆናል? ይሄን ሂሳብ እዛው ሱቁ በር ላይ ብሰራው ኖሮ አልገዛውም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አላለም። ሶስተኛው ወር ላይ የግራው ጫፍ አፉን ከፈተ፣ ሰፈራችን ያሉ ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። አባባ ውስጡ ያለውን ተነቃይ ንጣፍ አወጡና "እየው ልጄ፣ ስፌት የለውም፣ ካርቶን ላይ በማስቲሽ ነው የለጠፉት" አሉኝ። ወንድሜ ከውጭ የመጣለት ኦሪጅናል ፔጋሰስ ስላለው እቤት ሄጄ የሱንም ንጣፍ አወጣሁት፣ ከስር ጨርቅ ነው ያለው፣ ጠርዙ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ከላይኛው አካል ጋር ተሰፍቷል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ንጣፉን አንሱት፣ እምቢ ካለ ተዉት፣ ለኔ ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያሳይ ቦታ ነው ምክንያቱም ፌክ የሚሰራው ሰው ብዙ የሚደክመው ለሚታየው ውጭው ነው።

ውጩም ቢሆን ቀስ ብሎ ላየው ይናገራል። የኔ ተረከዙ ጋ ያለው ስፌት አንዱ እርምጃ ሰፊ አንዱ ጠባብ ነው፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ደግሞ ክሩ ተንጨባሮ ቀርቷል። ሶሉና ጨርቁ የሚገናኙበት መስመር ላይ ቢጫ ማስቲሽ ፈሶ ደርቋል፣ ሳጥኑን ስከፍተውም ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር፣ እኔ ግን አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። ኦሪጅናሉ ላይም ትንሽ የማስቲሽ ምልክት ሊኖር ይችላል፣ በሱ ብቻ ፌክ ነው አይባልም፣ ግን ዙሪያውን ከሆነና ስፌቱም ከተዛባ ለኔ በቂ ነው።

ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። የወንድሜ ገባ ብሎ ወዲያው ይመለሳል፣ የኔ እንደ እንጨት ነው፣ ጉልበቴን ሲያመኝ የከረመውም በሱ ይመስለኛል ምክንያቱም የሱን ተውሼ ስሮጥ አላመመኝም። ምላሱ ውስጥ ያለው ሌብል ላይ ደግሞ 6 ፊደልና ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዛ 3 ቁጥር ያለው ኮድ አለ፣ ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የኔ አይገናኝም ነበር። ቢገናኝም ግን ኮዱን ራሱን ገልብጠው ስለሚያትሙት ስልካችሁ ላይ ፈልጉትና የሚወጣው ሞዴልና ቀለም እጃችሁ ላይ ያለው መሆኑን እዩ።

አሁን 7 ወር ሆኖታል፣ ሁለቴ ተለጥፎ የቀኙም መከፈት ጀምሯል፣ ከሱቅ ዳቦ ለማምጣት ብቻ ነው የማደርገው።