ልጄን ማንበብ ላስተማረችልኝ መምህርት ምስጋና፤ የአዲሱ ዙር ምዝገባ መስከረም 20 ይዘጋል

በእንቁጣጣሽ ዕለት እናቴ ከአዲስ አበባ ለልጄ በቴሌግራም ጻፈችለት። «የኔ አንበሳ፣ እንኳን አደረሰህ። መቼ ነው የምትመጣው?» ልጄ 9 ዓመቱ ነው። የተወለደው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ስልኩን ይዞ ቁጭ አለና ፊደል በፊደል ጀመረ። «ኳ» ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ገና አልተማራትም። ትንሽ አሰበና «እንኳን!» ብሎ ጮኸ። ቃሉን ከቤት ያውቀዋል፣ በዙሪያው ያሉትን ፊደላት አንብቦ የጎደለውን ራሱ ሞላው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይህን ያደረገችው አዲስ አበባ ሆና በግሏ በዙም የምታስተምር አንዲት እህታችን ናት። ሌሎች ወላጆችም እንዲያውቋት ብዬ ነው የምጽፈው።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አስመዝግቤው ነበር። «ሀ ሁ ሂ»ን እስከ «ፖ» ድረስ እንደ መዝሙር ይወጣዋል። ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ግን በመጀመሪያው ቀን «ቤ»ን ብቻ ለይታ አሳየችው። ልጄ በሹክሹክታ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ...» እያለ ቆጥሮ ነው የደረሰባት። «ዜማውን ነው የያዘው፣ ፊደሉን አላወቀውም» አለችኝ። እናንተም ቤት ሞክሩት። ከመሃል አንድ ፊደል ጠቁሙና ልጁ ከመጀመሪያው መቁጠር ከጀመረ ገና ማንበብ አልጀመረም ማለት ነው።

እሷ ከ«ሀ» አትጀምርም። «በ»፣ «ሰ»፣ «ከ» እና «አ»ን ነው የምታስቀድመው፣ ምክንያቱም እነዚህ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚለወጡት። ካዕቡ ቀኝ እግሩ መሃል ላይ ጭረት አለው፦ ቡ፣ ሱ፣ ኩ። ሣልሱ ጭረቱ ወደ እግሩ ጫፍ ይወርዳል፦ ቢ፣ ሲ፣ ኪ። ኃምሱ እዚያው ቀለበት ያበጃል፦ ቤ፣ ሴ፣ ኬ። ልጁ ምልክቱን ከለየ 28 ፊደል በቃሉ መሸምደድ የለበትም። በሦስተኛው ሳምንት «አበባ»፣ «ኪስ» እና «ካባ»ን አነበበ። እንደ «ሩ» እና «ፉ» ያሉት ከመስመሩ የሚወጡት ዘግይተው ነው የሚመጡት።

ከሁሉም የከበደን ድምጹ ነበር። እንግሊዝኛ ውስጥ ያደገ ልጅ «ከ»ን እና «ቀ»ን፣ «ተ»ን እና «ጠ»ን አይለይም። ልጄ «ቆመ»ን «ኮመ» ይል ነበር። ቀጭን ወረቀት አፉ ፊት አስያዘችው። «ከ» ሲል ትንፋሹ ወረቀቱን ይገፋዋል። «ቀ»ን በትክክል ሲለው ወረቀቱ እምብዛም አይነቃነቅም። አንድ ቅዳሜ ሙሉ በዚህ አለፈ፣ ግን ገባው።

ስለ መጥበቅና መላላትም አትዘልልም። ፊደሉ አያሳየውም፣ ስለዚህ በዓረፍተ ነገር ታስነብባቸዋለች። «ገና ደረሰ» እና «ገና አልደረሰም»። ልጁ ሁለቱን ጮክ ብሎ ሲያነብ ልዩነቱን ጆሮው ይነግረዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁሉም ልጅ አይሆንም። ቤቱ ውስጥ አማርኛ ጭራሽ የማይሰማ ልጅ ቃሉን ቢያነበውም ትርጉሙን አያገኘውም። እንዲህ ያሉትን መጀመሪያ ንግግር እንዲለማመዱ ትመልሳቸዋለች። በየቀኑ 10 ደቂቃ ማስነበብም የእኛ ሥራ ነው። እኛ አንድ ሳምንት ዘለልን፣ ቅዳሜ ላይ ወዲያው አወቀችብን። በስልክም አትሞክሩት። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ «ብ» እና «በ» ይምታቱባቸዋል፣ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ይሻላል።

አዲሱ ዙር መስከረም 24፣ ማለትም ኦክቶበር 4 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ይጀምራል። 12 ቅዳሜ ነው፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ። ሰዓቱ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 10 ሰዓት ነው፣ እሷ ጋ ከቀኑ 11 መሆኑ ነው። ኖቬምበር ላይ የእኛ ሰዓት ሲቀየር እሷ ጋ 12 ይሆናል፣ የልጆቹ ሰዓት ግን አይነካም። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 12 የሆኑ 5 ልጆች ብቻ ነው የምትቀበለው። ክፍያው በጠቅላላው 180 ዶላር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ልጁን 20 ደቂቃ በነጻ ትፈትነዋለች፣ እንደኔ የሚያስደነግጣችሁ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ።

ምዝገባው መስከረም 20፣ ሴፕቴምበር 30፣ ማታ ይዘጋል። ፈተናው ከዚያ በፊት ማለቅ ስላለበት እስከ መጨረሻው ቀን ባትቆዩ ይመረጣል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

እህቴ፣ እናቴ ያንን መልእክት ልጄ ራሱ እንዳነበበው ስነግራት የመረቀችው አንቺን ነው። «እጇ ይባረክ፣ ልጆቿ ይደጉላት» ብላለች። አድርሻለሁ።